ቀንበር የሌለው ክራር

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ሙዚየም ውስጥ ሠርቶ ሳይሆን አይቀርም። መለያ ካርድ ላይ አንዴ የሰፈረ ስሕተት አባትን አሳስቶ ልጅን ያሳስታል፣ የልጅ ልጅም እዚያው መስታወት ፊት ቆሞ ያንኑ ስሕተት በቃሉ ይይዛል። ለዚህ ነው የዚህ ቤት መዳቢ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በየዘራቸው የምትለየው ሴት፣ አንዲት ካርድ ከማሳተሟ በፊት ራሷንም ሰውንም የምታሰለቸው። ባልደረቦቿ ከሥራዋ ስም ሌላ ስም ያላት አይመስላቸውም፤ «መዳቢዋ» ይሏታል። ጸጉሯ ሸብቶም «ሚጡ» ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፣ እሷም ታላቅ እህቷ ናት።

የባለክሮቹ አዳራሽ በማግስቱ ለሕዝብ ሊከፈት ነው። መስታወቶቹ ተወልውለዋል፣ መብራቶቹ ተስተካክለዋል፣ ወለሉ ላይ ግን ገና የካርቶን ቁራጭና የሽቦ ጥቅል ይታያል። መዳቢዋ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። ልቧ ግን አዳራሹ ላይ አልነበረም። በመጨረሻው መስታወት ውስጥ የሟች አባቷ መሣሪያ አለ፤ የስጦታውን ውል የምትፈርመው እህቷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች።

የመዳቢ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቁጥር መለጠፍ ይመስላል። ዋናው ነገር ግን መጠየቅ ነው፣ ጥያቄዎቹም ተራ አላቸው። መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ይህ ነገር ሲጮህ ቀድሞ የሚንቀጠቀጠው ምኑ ነው? ራሱ ገላው ከሆነ እንደ ደወል ያለ ነው፤ የተወጠረ ቆዳ ከሆነ ከበሮ ነው፤ አየር ከሆነ ዋሽንት ነው፤ ክር ከሆነ ወደዚህ አዳራሽ ይመጣል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ክሩን ማን ተሸከመው የሚለው ነው። ክራርና በገና ከድምፅ ሳጥናቸው ሁለት ምሰሶ ያወጣሉ፣ በምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ አንድ እንጨት ይጋደማል፣ ክሮቹም እዚያ ላይ ይታሰራሉ። ያ የተጋደመው እንጨት ቀንበር ይባላል። ምድቡም ስሙን ከእሱ ወስዷል፤ ባለቀንበር ይባላል።

ዑድ ቀንበር የለውም። ጊታርም የለውም። አንድ አንገት አላቸው፣ ክሩም በአንገቱ ላይ ይዘረጋል። ሰው ሁሉ የሚደነቀው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው፤ ማሲንቆም ከእነሱ ወገን ነውና። አንዲት የጭራ ክር ይኑራት እንጂ፣ እንጨቷ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ የሚያልፍ ይሁን እንጂ፣ አንገታም ናት። ብዙ ሰው ማሲንቆን የክራር እህት፣ ለጊታር ደግሞ ባዳ አድርጎ ያስባል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጣት መመታቱ፣ በመምቻ መነካቱ፣ በደጋን መታሸቱ የሚጠየቀው ከሁሉ በኋላ ነው፤ መልሱም ከምድቡ ቁጥር ኋላ በጭረት ተለይቶ እንደ ጭራ ይንጠለጠላል። ዘር የሚቆጠረው በአሠራር ነው፣ የእጅ ነገር ኋላ ይመጣል።

ይህን ሁሉ መዳቢዋ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ታውቀው ነበር። አባቷ መሣሪያ ሠሪ ነበሩ፤ እሷም በልጅነቷ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር እየተጋደመች ፍቅፋቂውን ስትለቅም ነው ያደገችው። «ክራር ቀንበሩን ተሸክሞ ይቆማል፤ ማሲንቆ ምን አላት? ምርኩዟን ይዛ ትሄዳለች» ይሏት ነበር። ታላቅ እህቷ ግን ያቺን ክፍል ረግጣት አታውቅም። የእንጨት ብናኝ ደረቷን ያፍናታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ከደጅ ሆና ምሳ ታቀብል ነበር፤ ኋላም የልብስ ስፌት መኪና ገዛችና በሌላኛው ክፍል የራሷን ሥራ ያዘች።

አባት ግማሽ ጎናቸውን ሲታመሙ ታናሿ ሩቅ አገር ትማር ነበር። ታላቂቱ መኪናዋን ከአልጋቸው አጠገብ አምጥታ፣ አንድ እጇ ጨርቅ ላይ አንድ እጇ እሳቸው ላይ ሆኖ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ አስታመመቻቸው። ታናሿ የደረሰችው ለቀብር ነው። በዚያ ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገሩም፤ ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም አሉ። ዝምታው ግን ነቀዘ። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ ነበር። ይህ መሣሪያ ከስንት ዘመን በኋላ አብረው የያዙት የመጀመሪያ ጉዳይ ነው፤ መዳቢዋም ካርዱ ላይ የተጨነቀችው ለተመልካች ብቻ ብላ አልነበረም። እህቷን እንደገና ልታገኝ ፈልጋ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር። እህቷ መሣሪያውን በነጠላ ጠቅልላ ስታመጣ «የአባባ ክራር ይኸውና» ብላ ነበር። መዳቢዋ በልቧ ፈገግ አለች። ደጅ ሆና ምሳ ታቀብል የነበረች ሴት የቱ ክራር የቱ ማሲንቆ እንደሆነ ባትለይ ምን ይደንቃል? አላረመቻትም። ካርዱ ያርማታል ብላ ተወችው።

እህት እንደተባለው ከሰዓት በኋላ መጣች። መርፌ የለመዱ ጣቶቿን እንደ ልማዷ ጥቅልል አድርጋ ይዛ፣ በመስታወቶቹ መካከል በዝግታ አለፈች። የጥበቃውን የደንብ ልብስ ጫፍ አየት አድርጋ «ይሄን የሰፋ ሰው ክር ቆጥቧል» አለች። መዳቢዋ ሳቀች፣ ደስም አላት። የመጨረሻው መስታወት ጋ ሲደርሱ ግን የእህትየው ፊት ጠቆረ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቱ?»

«ይሄ አጠገቡ የተጋደመው።»

«ደጋን ነው እታለም። የአባባ ደጋን ስለጠፋ ከዕቃ ቤት የሌላ ማሲንቆ ደጋን አውጥተን ነው። ካርዱም ላይ የእሱ እንዳልሆነ ተጽፏል፣ ይኸው…»

እህት ካርዱን አነበበች። ማሲንቆ፤ ባለ አንድ ክር፤ በደጋን እየታሸ የሚጮህ። ከሥሩ ቁጥሩ አለ፦ 321.312፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ 71። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ክራር ነው ብዬሽ ነበር» አለች።

«እታለሜ፣ ክራር እኮ አይደለም። ክራር ሁለት ምሰሶ…»

«ምሰሶ አልጠየቅኩሽም። ክራር ነው ብዬሽ ነበር፤ አንቺም ሰምተሽ ዝም አልሽ። ተስማምታለች ብዬ ሄድኩ።»

«ስሙን በልማድ የጠራሽው መስሎኝ ነው።»

«በልማድ ነው የጠራሁት። የምን ልማድ እንደሆነ ግን አልጠየቅሽኝም።» ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ አወጣች። «አውርጂልኝ። አልፈረምኩም፣ አልፈርምምም። ቤቴ እወስደዋለሁ።»

መዳቢዋ ደነገጠች። የደነገጠችው መስታወቱ ባዶ ይቀራል ብላ አይደለም፤ ባዶ መስታወት በሌላ ነገር ይሞላል። እህቷ ያንን መሣሪያ በነጠላ ጠቅልላ ከዚያ በር ከወጣች ዳግመኛ እንደማትመለስ አወቀች። ያን ጊዜ የተናገረችው ግን የባሰ ነበር፤ ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ነው የሚያወራው።

«ሐሰት ልጽፍ አልችልም እታለም። ክራር ብዬ ብጽፍ የክራር መስታወት ውስጥ ላስገባው ነው። ቀንበር የለውም፣ አንድ ክር ነው ያለው፣ የሚያየው ሁሉ ይስቃል።»

«ይሳቁ» አለች እህት። «እኛ ቤት ማንም አልሳቀም።»

መስታወቱን እንዲከፍት ጠጋኙ ተጠራ። ጠጋኙ የተሰበሩ መሣሪያዎችን የሚያክም ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ይፈልገዋል። የሴቶቹን ፊት አየና ቀልድ ለመጀመር የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋ። መሣሪያውን አውጥቶ በጥንቃቄ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው፤ ደጋኑን እዚያው ተወው።

«ከመጠቅለልዎ በፊት ቆዳውን ልየው» አለ። «የላላ ከሆነ በመንገድ ይቀደዳል፣ ኋላ እኔን ነው የሚረግሙት።» መብራቱን ከጎን አስጠግቶ በሳጥኑ ላይ የተወጠረውን ቆዳ መረመረው። «አይ፣ ደህና ነው። ይኸውላችሁ፣ ሙጫው አሁንም አለ። ደጋን ላይ የሚቀባው ሙጫ ሲታሽ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ እዚህ ክሩ ሥር ነጣ ብሎ ተጋግሯል። ሰውየው ሲያሹ ነው የኖሩት።»

መዳቢዋ እህቷን ላለማየት አቀርቅራ ነበር።

«ይሄኛው ደግሞ ጣት ነው» አለ ጠጋኙ።

«የቱ?»

«ይኸው፣ ከሳጥኑ ጫፍ ላይ። አንቺው ነሽ የአያያዝ እድፍ ብለሽ ያሳለፍሽው። እኔም አብሬሽ አልፌዋለሁ፣ ብቻሽን አትወቀሽም። በጎን መብራት ሲታይ ግን ሌላ ነው። ጣት እያረፈ፣ እያረፈ፣ ቆዳውን ወዝ አጠጥቶታል። ደግሞ ከሙጫው በላይ ነው ያለው። ሙጫው ቀደመ፣ ጣቱ ተከተለ። ደጋን ከተወ በኋላ ሰው በጣቱ ሲመታው ኖሯል፣ ለአንድ ቀንም አይደለም።»

መዳቢዋ ቀና አለች። የእህቷ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«አባባ በጣታቸው ይመቱት ነበር?»

ጠጋኙ የሆነ ነገር እንደረሳ ሰው ኪሱን ዳበሰና ወደ አዳራሹ ማዶ ሄደ። ሁለቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ቀኝ እጃቸው ነው የሞተው» አለች እህት። «ደጋን የሚይዘው። ይሄን ደብዳቤ ላይ ጽፌልሽ ነበር፣ አንብበሽዋል።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ማንበብ ሌላ ነው። በየጠዋቱ አምጪልኝ ይላሉ፣ አመጣለሁ። ደጋኑን ጣታቸው መሃል እሰካለሁ፤ ይወድቃል። እሰካለሁ፣ ይወድቃል። ከዚያ ያለቅሳሉ። አባባ ሲያለቅሱ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በየጠዋቱ አየሁ።» ጣቶቿን ተመለከተች። «አንድ ቀን አልቻልኩም። ደጋኑን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።»

መዳቢዋ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

«ጠፋ አልኳቸው። መሣሪያውን ግራ እጃቸው ሥር አስቀመጥኩና ‹አባባ፣ ይሄ እኮ ክራር ነው፣ ክራር ደጋን አይፈልግም፣ በጣት ነው› አልኳቸው። እንደ ሕፃን አታለልኳቸው፣ ሚጡ። ዓይን ዓይኔን ብዙ አዩኝ። ከዚያ ‹እሺ፣ ክራር ይሁን› አሉና በግራ ጣታቸው ነካ አደረጉት። አንዲት ድምፅ ናት፤ ክሩን የሚይዝ ሌላ እጅ ስለሌለ ከእሷ ሌላ አይወጣም። በዚያች ድምፅ ግን የጎረቤት ልጅ ያጫውቱባት ነበር። የእኔን መኪና ተከትለው ይመቱ ነበር፤ ፈጠን ስል ይፈጥናሉ፣ ስቆም ይቆማሉ። ‹ክራሬን አምጪ› ሲሉኝ ጎረቤቱም ሁሉ ክራር ይለው ጀመር። ማልቀሱም ቀረ።»

«ታዲያ መልካም ነው ያደረግሽው።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።» ድምጿ ቀጠነ። «ሊያልፉ ሲቃረቡ አንድ ቀን ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙኝ። ‹ክራር ነው ብለሽኛል አይደል?› አሉኝ። አዎ አልኩ። ‹ቀንበሩ አንቺ ነሽ› አሉኝ።»

መዳቢዋ ዓይኗን ወደ ክራሮቹ መስታወት መለሰች።

«ሌላ ምንም አላሉም፣ እጄን ይዘው ተኙ» አለች እህት። «ቀንበር ሆንሽብኝ ነው ያሉኝ። አንገቴ ላይ ተጫንሽ፣ ደጋኔን ነጠቅሽኝ፣ አወቅኩብሽ ነው ያሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ልብስ ስቀይር፣ ሳገላብጥ፣ ሳጎርስ ኖሬ ቀንበር ተባልኩ። ለማን ይነገራል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ብቻ ክራር የሚለውን ቃል አልተውም። ውድ ነው የከፈልኩበት። እኔና እሳቸው ስንኖር ክራር ነበር። አንቺ መጥተሽ ክራር አይደለም ስትይኝ ያ ዘመን ራሱ አልነበረም ያልሽኝ መሰለኝ።»

መዳቢዋ ተነሣች። የእህቷን እጅ ይዛ ጎተተቻት። «ነይ» አለች። በአዳራሹ መግቢያ ወዳለው የክራሮች መስታወት አመጣቻትና አቆመቻት። አንድ ትልቅ ክራር መሃል ላይ ቆሟል።

«እታለም፣ ይሄን የላዩን እንጨት አየሽው? ክሮቹ የታሰሩበትን፣ የተጋደመውን?»

«አየሁት።»

«ስሙ ምን ይባላል?»

«እኔ ምኑን አውቄ? የሥራ ክፍሉን ገብቼበት አላውቅ።»

«ቀንበር ነው የሚባለው።»

እህት ዞር ብላ አየቻት።

«የሠሪዎች ቃል ነው። የአባባም ቃል ነው፤ ሁልጊዜ ይሉት ነበር። ክራርን ክራር የሚያሰኘው እሱ ነው። ክሮቹን ሁሉ የሚይዘው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ክሩ ይረግፋል፣ ድምፅም የለም። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ክራር ሲሠሩ ኖረው ያ ነገር ክራር እንዳልሆነ ይጠፋቸዋል? ቀንበር የለውማ! አላታለልሻቸውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። ለአንቺ ብለው ነው እሺ ያሉት። ኋላ ደግሞ አሰቡትና የጎደለውን አገኙት። ክራር ነው ካልሽኝ ቀንበር ሊኖረው ይገባል፤ ቀንበሩም አንቺ ነሽ አሉሽ። የያዝሽኝ አንቺ ነሽ ማለታቸው ነው፣ እታለሜ። ሳልረግፍ የያዝሽኝ።»

እህት ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው፣ ክራሩም ለጊዜው ተሰወረ። ከማዶ ጠጋኙ ጥበቃውን በእጁ ምልክት ከአዳራሹ ሲያስወጣው ይታያል።

«ስንት ዓመት…» አለች እህት። ከዚያ ነጠላዋን ስባ ፊቷን ጠረገችና «ቀንበር» አለች ለራሷ፣ ቃሉን እንደ አዲስ ጨርቅ በጣቷ እንደምትዳብስ። «ምነው ያን ጊዜ እዚያ ኖረሽ በነገርሽኝ።»

«መኖር ነበረብኝ» አለች ታናሿ። ከዚህ በላይ የሚባል አልነበረም፤ ይህም ቢሆን የተባለው ዘግይቶ ነው።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። መዳቢዋ ወንበሯን ሳበችና ካርዱን አዲስ ልታደርገው ተቀመጠች። ሥራው ሥራ ነው፤ ምድቡ አልተነቃነቀም። ያው አንገታም ነው፣ ያው እንጨቱ ሳጥኑን ሰንጥቆ ያለፈ ነው። ጭራው ግን አንድ ብቻ መሆን እንደሌለበት ታውቃለች፤ ፒያኖ እንኳ በመዶሻም በቁልፍም ስለሚሠራ ሁለት ጭራ ይጻፍለታል። ከ71 ቀጥሎ ሌላ ጭረት አድርጋ 5 ጨመረች፤ ባዶ ጣት ማለት ነው። ቀጥሎ ካርዱ ላይ የቤት ስም የሚባል ቦታ አለ። አንዱ አገር ክራር የሚለውን ሌላው ሌላ ስለሚለው፣ ቁጥሩ የተፈለገውም በዚህ የተነሣ ስለሆነ፣ ባለቤቱ የሚጠራበት ስም ለብቻው ይጻፋል። እስከ ዛሬ ባዶ ትታው ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል እያለች «ክራር» ብላ ጻፈችበት።

«ደጋኑንስ ላንሣው?» አለ ጠጋኙ ከመስታወቱ አጠገብ ሆኖ።

መዳቢዋ እህቷን አየቻት።

«ይቆይ» አለች እህት። «ጤነኛ ሳሉ እንደዚያ ነበሩ። እኔም ከደጅ ሆኜ እሰማ ነበር።» የስጦታውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችና እንደ ልብስ ሰፊ ዓይኗን አጥብባ ፈረመች።

ከካርዱ ጋር ወደ መዝገብ የሚገባ የአካል ዝርዝር አለ፣ እሱ የግድ ይሞላል። መዳቢዋ ጮክ እያለች እየጠየቀች ራሷ እየመለሰች ሞላችው። ክር፦ አንድ፣ የፈረስ ጭራ። ሳጥን፦ አራት ማዕዘን፣ ቆዳ የተወጠረበት። አንገት፦ አለው። ምሰሶ፦ የለውም። ቀንበር የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ መዳቢ ናትና ሐሰት አትጽፍም። «የለውም» ብላ ጻፈች።

እህት በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አነበበችው።

«ዋሸሽ» አለቻት፣ እንባዋ ሳይደርቅ እየሳቀች፤ እጇንም ከታናሿ አንገት ላይ ጣል አደረገችው።